በሌሎች ደንበኞች ፊት ለሚቀርብ ብርቱ ቅሬታ እንዴት ምላሽ ይሰጣል?

ምርታቸውን በፌስቡክ ገጽ ወይም በቴሌግራም ቻናል የሚሸጡ ነጋዴዎች ከደንበኛ ጋር የሚነጋገሩት ሌሎች ደንበኞች እየተመለከቱ ነው። በሱቅ ውስጥ የሚነሳ ቅሬታን የሚሰማው ቢበዛ በአጠገብ የቆመ ሰው ነው። በማስታወቂያ ሥር የተጻፈ ቅሬታ ግን ዕቃውን ለመግዛት ያሰበ ሰው ሁሉ ይደርስበታል፤ ነጋዴው የሚሰጠው ምላሽም እንዲሁ። ስለሆነም ምላሹ ሁለት አንባቢዎች አሉት። ቅሬታ አቅራቢው መፍትሔ ይፈልጋል። ተመልካቹ ደግሞ ነገ እርሱ ተመሳሳይ ችግር ቢገጥመው ምን እንደሚደረግለት ማወቅ ይፈልጋል።

ጉዳዩን ለማብራራት ይረዳ ዘንድ የሚከተለውን ምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንዲት ነጋዴ በአዲስ አበባ ከሁለት ሠራተኞች ጋር የኤሌክትሪክ ምጣድ እየገጣጠመች ትሸጣለች። በሕማማት ሳምንት ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ለፋሲካ ባወጣችው ማስታወቂያ ሥር እንዲህ የሚል አስተያየት ተጻፈ፦ «ሌቦች! 7,500 ብር ከፍዬ ለእናቴ የገዛሁት ምጣድ ግማሹ አይሞቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ስደውል ስልክ አታነሱም። ያቦካችው ሊጥ ተበላሸ፤ ለፋሲካ በምን ልትጋግር ነው? ማንም ከእነዚህ ሰዎች እንዳይገዛ!» ብዙም ሳይቆይ ከሥሩ ሌላ ሰው «እንኳን አየሁት፣ ዛሬ ልከፍል ነበር» ሲል ጻፈ።

ነጋዴዋ በቅድሚያ ልትጽፍ ያሰበችው ምላሽ ይህ ነበር፦ «ምጣዱ ከእኛ ሲወጣ ተሞክሮ ነው። የቤትዎ የመብራት መስመር ቀጭን ከሆነ የእኛ ጥፋት አይደለም። ስም ማጥፋት በሕግ ያስጠይቃል።» ይህ ምላሽ ቁጣው ብቻ ሳይሆን ይዘቱም ይጎዳታል። ምጣድ ከፍተኛ ኃይል ስለሚስብ ቀጭን ሽቦ ችግር መፍጠሩ እውነት ነው። ሆኖም መስመሩ ደካማ ቢሆን ምጣዱ በሙሉ ይቀዘቅዛል እንጂ ግማሹ ሞቆ ግማሹ አይቀርም። ይህን የሚያውቅ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከተመልካቾቹ መካከል ቢኖር፣ ነጋዴዋ የራሷን ዕቃ እንደማታውቅ ለሁሉም ይታያል። ዕቃውን ሳያዩ ምክንያት መስጠት በሕዝብ ፊት ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሰበብ ይመስላል።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት «ይቅርታ፣ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ብሎ ማለፍ ነው። ዋጋ ለሚጠይቅ ሁሉ «በውስጥ» የሚል መልስ በሚሰጥበት ገበያ ይህ አባባል ትርጉሙን አጥቷል። ተመልካቹ የሚረዳው ነገሩ ከዓይን እንዲሰወር እንደተፈለገ ብቻ ነው።

ነጋዴዋ የጻፈችውን ሳትልክ ትታ የሽያጭ መዝገቧን አወጣች። ቅሬታ አቅራቢው በገጹ ላይ የሚጠቀምበት ስም በመዝገቡ ላይ አልተገኘም፤ ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። በ7,500 ብር የተሸጡት ምጣዶች ግን ሦስት ብቻ ነበሩ። የሦስቱን ገዢዎች ስልክ ቁጥር በሱቁ ስልክ ላይ ካልተነሱ ጥሪዎች ጋር ስታመሳክር አንደኛው አምስት ጊዜ መደወሉን አገኘች። ሽያጩ የተፈጸመው ከዘጠኝ ቀናት በፊት ነበር።

ይህ ማጣራት ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ የምላሹን መልክ የወሰነው ግን እርሱ ነው። በአስተያየቱ ውስጥ ስድብ፣ የዕቃ ጉድለት፣ ያልተነሳ ስልክና የደረሰ ጉዳት በአንድነት ተጽፈዋል። ስድቡ መልስ አያስፈልገውም። ስልክ አለመነሳቱ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ያለ ማመንታት ይቅርታ ይጠየቅበታል። የምጣዱ ጉድለት ገና አልታወቀም፤ ስለዚህ አይታመንም፣ አይካድምም፣ የሚታይበት ቀንና ሰዓት ይነገራል። የታወቀውንና ያልታወቀውን መለየት ምላሹን የተረጋጋ ያደርገዋል፤ ጸሐፊዋ በውስጧ ብትናደድም እንኳ።

ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ የወጣው ምላሽ የሚከተለው ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ደጋግመው ደውለው ስልካችን አለመነሳቱ እውነት ነው፤ ጥሪዎቹን አይተናል፣ ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን። በበዓል ሳምንት ሊጥ ተበላሽቶባቸው እናትዎ መቸገራቸው አሳዝኖናል። ምጣዱ ለምን በከፊል እንደማይሞቅ ሳናየው መናገር አንችልም። ባለሙያችን ነገ ረቡዕ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ቤት ድረስ መጥቶ ያየዋል። ጉድለቱ የዕቃው ከሆነ እንደ ምርጫዎ በሌላ እንለውጠዋለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን። አድራሻዎን እዚህ አይጻፉ፤ ከዚሁ ገጽ መልእክት ልከንልዎታል። የምስጢር ቁጥር ወይም በስልክ የሚደርስ ኮድ ከእርስዎ አንጠይቅም።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለጌጥ የገባ አይደለም። በገንዘብ የተበሳጨ ሰው በግልጽ በሚጽፍበት ቦታ አጭበርባሪዎች ይጠብቃሉ። የንግድ ቤቱን ስምና ፎቶግራፍ ወስደው «ገንዘብዎን ልንመልስ ነው፣ በስልክዎ የመጣውን ቁጥር ይንገሩን» የሚል መልእክት ይልካሉ። ነጋዴው የሚያነጋግረው ከየትኛው አድራሻ እንደሆነና ምን እንደማይጠይቅ በግልጽ ካስቀመጠ፣ ቅሬታ አቅራቢውም ተመልካቹም ይጠበቃሉ። በተቃራኒው ነጋዴው ራሱ እውነተኛነቱን ለማስረዳት ሲል የደንበኛውን ሙሉ ስም፣ ስልክ ወይም የክፍያ ደረሰኝ ፎቶግራፍ አንስቶ መለጠፍ የለበትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ድርጊት ከጨዋነት ጉድለት ያለፈ ጥያቄ ያስነሳል።

ደንበኛው ከምላሹ በኋላ «ወሬ ነው፣ እናያለን» ሲል መለሰ። ነጋዴዋ ለዚህ አልመለሰችም። ቀጠሮው ተሰጥቷል፤ የሚቀረው ማክበር ነው። ከሠራተኞቿ አንዱ በራሱ ስም ገብቶ ሊከራከር ሲል ከለከለችው። ዘመድና ወዳጅ «እኔ ሁለት ዓመት ተጠቅሜያለሁ፣ ምንም አልሆነም» እያለ ሲሰለፍ ተመልካቹ በቀላሉ ይጠረጥራል፤ ቅሬታ አቅራቢውም የተከበበ ይመስለዋል፣ ድምፁንም ይበልጥ ያሰማል።

አስተያየቱን ማጥፋት አጓጊ ሐሳብ ነው። ሆኖም ከሰዓታት በኋላ ምስሉ በሌላ ሰው ስልክ ላይ መቀመጡ የማይቀር ነው፤ በመጥፋቱም ሁለተኛ ቅሬታ ይወለዳል። በፌስቡክ አስተያየትን መሰወርም ቢሆን ሙሉ መፍትሔ አይደለም፤ የተሰወረው ጽሑፍ ለጸሐፊውና ለወዳጆቹ መታየቱን ይቀጥላል።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ባለሙያው ምጣዱን ከፈተ። ከሸክላው ሥር በቦይ ውስጥ የሚቀመጠው የሙቀት ሽቦ በማጓጓዝ ወቅት ከቦዩ ወጥቶ፣ ጥምዝምዞቹ እርስ በርስ ተነካክተዋል። ኤሌክትሪኩ በተነካኩበት ነጥብ አቋርጦ ስለሚያልፍ በመካከል ያለው ሽቦ አይሞቅም፤ ቀሪው ደግሞ ከመጠን በላይ ይግላል። ምጣዱ በዚያው ዕለት በአዲስ ተለወጠ፤ ዓርብ ለበዓሉ ተጋገረበት።

ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ተመልካቹ ግን ይህን ሁሉ አላየም፤ ለእርሱ ጉዳዩ «እናያለን» በሚለው ቃል ላይ ቆሟል። ነጋዴዋ የደንበኛውን ፈቃድ ጠይቃ በዚያው ሥር ጥቂት መስመር ጨመረች፦ «ምጣዱ ታይቷል። የሙቀት ሽቦው በማጓጓዝ ወቅት ከቦታው ተነቅሎ ስለነበር በአዲስ ተለውጧል። ከእኛ የገዛችሁ ሌሎች ደንበኞች፣ ምጣዳችሁ በከፊል ካልሞቀ ሶኬቱን ነቅላችሁ ደውሉልን፤ በሥራ ሰዓት ስልኩን የሚያነሳ ሰው መድበናል።» ደንበኛው የቀድሞ ጽሑፉን እንዲያነሳ አልጠየቀችም። እንዲያነሳ መጠየቅ ለውጡን የዝምታ ዋጋ ያስመስለዋል፤ ደግሞም መፍትሔ ያገኘ ቅሬታ ለተመልካቹ ከማስታወቂያው የበለጠ ይነግረዋል።

ምርመራው ጥፋቱ የደንበኛው መሆኑን ቢያሳይስ? ምክንያቱ ለራሱ በግል ይነገራል፣ በጽሑፍም ይሰጠዋል። በገጹ ላይ «ዕቃው ታይቷል፣ ውጤቱን ለባለቤቱ ገልጸናል» ማለት ይበቃል። ጸሐፊው ፈጽሞ ያልገዛ ሰው ከሆነ ደግሞ «በዚህ ስም የተመዘገበ ሽያጭ አላገኘንም፤ የገዙበትን ቀን በመልእክት ቢልኩልን እናጣራለን» ተብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል። ዛቻ ወይም ብሔርንና ሃይማኖትን የሚነካ ስድብ ግን ቅሬታ አይደለም፤ ምስሉ ተቀምጦ ጽሑፉ ሊነሳና ለሚመለከተው አካል ሊቀርብ ይችላል።

ነጋዴው ምላሹን ሲያዘገይ የደንበኛው የመጠየቂያ ጊዜ እየተቆጠረ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። በምሳሌው ላይ ዘጠኙ ቀናት አልፈው ነበር። ስለሆነም ሸማቹ በማስታወቂያው ሥር ከጻፈው አስተያየት በተጨማሪ ጥያቄውን ለሻጩ በቀጥታ፣ ቀን በሚታይበት መልእክት ቢያደርስ ይመረጣል። ምላሽ ካጣ ደረሰኙን፣ የከፈለበትን ማስረጃ፣ የማስታወቂያውንና የመልእክቶቹን ምስል ይዞ ንግድ ቤቱ በሚገኝበት አካባቢ ወደሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል።