የትናንቱ ዘገባ ስለ ምን ሳይደርስ ቀረ?

ከጐንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሳንጃ ከተማ፣ የሰሊጥ ወራት በገባ ጊዜ ነጋዴው በየማለዳው ሊያውቀው የሚፈልገው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ትናንት ወደ መጋዘን የገባው ሰሊጥ ስንት ኩንታል እንደ ሆነና ለየትኛው አቅራቢ ስንት ብር መከፈል እንዳለበት ነው። የጭነት መኪና ለመከራየት የሚበቃ እህል መኖር አለመኖሩን የሚያረጋግጠውም በዚሁ ዘገባ ነው። ቀድሞ ይህን ዘገባ የመጋዘኑ ጸሐፊ በእጁ ደምሮ ያቀርብ ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተር በገባባቸው ንግድ ቤቶች ሒሳቡን ሌሊት ደምሮ ከንጋት በፊት በኢሜይል የሚልከው፣ በቀጠሮ ሰዓት በራሱ የሚነሣ ፕሮግራም ነው።

ጸሐፊው ዘገባውን ቢያዘገይ ነጋዴው አስጠርቶ ምክንያቱን ይጠይቀዋል። ፕሮግራሙ ሳይልክ ቢቀር ግን የሚጠየቀው መዝገቡ ብቻ ነው። ይህም መዝገብ በባለሙያዎቹ ዘንድ «ሎግ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከመርከበኞች ነው። የጥንት መርከበኞች የመርከባቸውን ፍጥነት ለመለካት በገመድ የታሰረ ግንድ ወደ ባሕር ይጥሉ ነበርና፣ ልኩን የሚጽፉበት ደብተር በግንዱ ስም ተጠራ። በኮምፒዩተር ዘንድ እጅግ ከተስፋፉት የመዝገብ ሥርዓቶች አንዱ የሆነው «ሲስሎግ» ደግሞ በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በአሜሪካ አገር በኤሪክ ኦልማን ተሠራ። መጀመሪያ የተሠራውም ለኢሜይል ማመላለሻ ፕሮግራም ነበር። እንግዲህ የመዝገብ አጻጻፍ ልማድ ከጥንቱ ባለሙያ ለባለሙያ የሚጽፈው ስለ ሆነ፣ ነጋዴውና ጸሐፊው ቢከፍቱት የማይገባቸው መሆኑ አያስደንቅም።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የሳንጃ ነጋዴ የኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የመጋዘን ዘገባ ኅዳር 11 ቀን ሐሙስ ጧት 1 ሰዓት ላይ ይደርሰኛል ብሎ ቢጠብቅ ሳይደርሰው ቀረ እንበል። ጸሐፊው መዝገቡን ሲከፍት የሚያገኘው የሚከተለውን ነው።

```
2025-11-20 02:00:01 INFO start
2025-11-20 02:00:02 ERROR KeyError: 'net_kg'
```

ጸሐፊው ከዚህ ምን ሊረዳ ይችላል? የመጀመሪያው እንቅፋት ሰዓቱ ነው። «02:00» የሚለውን በአገሩ ልማድ ሲያነበው ከጧቱ 2 ሰዓት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሥራው ገና ዘግይቶ የተጀመረ መስሎት ይሳሳታል። በፈረንጆች አቈጣጠር የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው ይላል። እውነቱ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ብዙ ኮምፒዩተሮች መዝገባቸውን የሚጽፉት በዓለም አቀፍ ሰዓት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ 3 ሰዓት ይቀድማል። በመሆኑም ሥራው የተጀመረው በፈረንጆች አቈጣጠር 5 ሰዓት ላይ፣ በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ይህም ፕሮግራሙ የታዘዘበት ትክክለኛ ሰዓት ነበር።

ሁለተኛው እንቅፋት ቀኑ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገና ስላልነጋ አንዱ ሰው ረቡዕ ሌሊት ይለዋል፤ ሌላው ሐሙስ ይለዋል። መዝገቡ ግን ፕሮግራሙ የሠራበትን ጊዜ ብቻ እንጂ የየትኛውን ቀን ሒሳብ እንደ ደመረ አልጻፈም። ሦስተኛውና ዋናው እንቅፋት «KeyError» የሚለው ቃል ነው። ፕሮግራሙን ለጻፈው ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የፈለገው ስም አልተገኘም ማለት ነው። ጸሐፊው ግን ከየት እንደ ጠፋ፣ ማን ሊያስተካክለው እንደሚችልና ዘገባው ተልኮ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ከዚህ ሊያውቅ አይችልም።

የሆነው ነገር ቀላል ነበር። በመጋዘኑ የሚዛን መዝገብ ላይ የተጣራው ክብደት የሚጻፍበት ዓምድ እስከ ዋዜማው ድረስ «net_kg» ይባል ነበር፤ ረቡዕ ዕለት ግን ሠንጠረዡ እንደ አዲስ ሲዘጋጅ ስሙ «net_weight» ተብሎ ተለወጠ። ፕሮግራሙ የቀድሞውን ስም ፈልጎ ስላጣው ሥራውን አቆመ። ይህን ለማስተካከል የመጋዘን ጸሐፊ የዓምዱን ስም መልሶ መጻፍና ሥራውን ደግሞ ማስነሣት ይበቃው ነበር። ነገር ግን መዝገቡ አልነገረውምና ባለሙያው ከጐንደር እስኪገኝ ድረስ ቀኑ ይመሻል፤ የተቀጠረውም መኪና ጭነት ሳይዝ ይቆማል።

ይኸው ሥራ መዝገቡን እንደሚከተለው ቢጽፍ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

```
ለኅዳር 11 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 11:00 (2025-11-20 05:00 በኢትዮጵያ)
ሥራ፦ የመጋዘን ዘገባ፤ የሚደመረው ቀን፦ ኅዳር 10 ቀን 2018
1 ፋይል መፈለግ፦ ሆነ፤ 2025-11-19.csv ተገኘ፣ 64 መስመር
2 ክብደት መደመር፦ አልሆነም፤ net_kg የሚባል ዓምድ የለም
  ያሉት ዓምዶች፦ date, supplier, net_weight
3 ዘገባ መላክ፦ አልተጀመረም
ፍጻሜ፦ ዘገባው አልተላከም፤ የሚያየው የመጋዘን ጸሐፊ፤ ቁጥር 118
```

የዚህ መዝገብ ብልሃት በጥቂት ነገር ላይ የቆመ ነው። አስቀድሞ ሥራው የተጀመረበትን ጊዜና የሚደመረውን ቀን ለየብቻ ይጽፋል። ቀጥሎ ሥራውን በሦስት እርከን ይከፍልና ለእያንዳንዱ «ሆነ»፣ «አልሆነም» ወይም «አልተጀመረም» ብሎ ፍርዱን ይሰጣል። እነዚህ እርከኖች ጸሐፊው በእጁ ሲሠራቸው የነበሩት ናቸውና ስማቸው ለእርሱ እንግዳ አይደለም። ያልሆነውን ነገር ሲናገርም የተፈለገውንና የተገኘውን ጐን ለጐን ስለሚያኖር፣ አንባቢው ልዩነቱን በዓይኑ ያየዋል። የመጨረሻው መስመር ደግሞ ነጋዴው አስቀድሞ ለሚጠይቀው ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ዘገባው ተልኳል ወይስ አልተላከም?

በመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ቁጥር 118 ለባለሙያው የተጻፈ ነው። ፕሮግራሙ ረጅሙን የስህተት ዝርዝር በሌላ ፋይል በዚሁ ቁጥር ያኖረዋል፤ ጸሐፊውም ስልክ ሲደውል ቁጥሩን ብቻ ይናገራል። የአቅራቢዎች ስልክ ቁጥር፣ የተከፈለ ዋጋና የይለፍ ቃል ግን ብዙ ሰው በሚያየው በዚህ መዝገብ ላይ መጻፍ የለባቸውም። በተጨማሪም መዝገቡ ያየውን እንጂ ያላየውን መናገር አይገባውም። ዓምዱ እንደ ጠፋ ያውቃል፤ ስሙን ማን እንደ ለወጠው ግን አያውቅምና በማንም ላይ አይፍረድ። ምክንያቱ ያልታወቀ ስህተት ሲያጋጥመውም የትኛው እርከን ላይ እንደ ቆመ ጽፎ፣ «ምክንያቱ አልታወቀም፤ ባለሙያ ይጠራ» ማለት ይበቃዋል።

እጅግ ጥንቃቄ የሚሻው «ሆነ» የሚለው ቃል ነው። ኢሜይል ሲላክ ፕሮግራሙ በእርግጥ የሚያውቀው የፖስታው ሰርቨር መልእክቱን መቀበሉን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መልእክቱ ወደ ነጋዴው ሣጥን መግባቱን ወይም ከማይፈለጉ መልእክቶች ጋር መቀላቀሉን አያይም። ስለዚህ «ዘገባው ደርሷል» ከማለት ይልቅ «የፖስታው ሰርቨር በ11:02 ተቀብሏል» ብሎ መጻፍ እውነተኛ ነው። እንዲህ የሚል መዝገብ ባለበት ዘገባው ካልታየ፣ ጸሐፊው ፍለጋውን ከመጋዘን ሳይሆን ከኢሜይሉ ሣጥን ይጀምራል።

እንዲሁም ባዶ ቀንና የጠፋ ቀን ሊለያዩ ይገባል። በማግሥቱ ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው። በዚያ ቀን ሚዛን ሳይነሣ ቢውል፣ ትክክለኛው ዘገባ «0 ኩንታል» የሚል ነው። ነገር ግን የመጋዘኑ ፋይል በኔትወርክ መቋረጥ ምክንያት ሳይመጣ ቢቀርና ፕሮግራሙ ያንኑ «0 ኩንታል» ብሎ ቢልክ፣ ነጋዴው እህል ያለበትን መጋዘን ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ መዝገቡ በመጀመሪያው ነገር «ፋይሉ መጥቷል፤ የተጻፈበት መስመር የለም» ሲል፣ በሁለተኛው «ፋይሉ አልመጣም» ማለት አለበት። ፋይሉም ካልመጣ ዘገባው በ0 ሳይሆን በማስታወቂያ ይተካ። በበዓል ቀንም ቢሆን ዘገባው መላክ አለበት፤ ዝምታው የዕረፍት ይሁን የብልሽት ሊታወቅ አይችልምና።

መዝገብ ፈጽሞ ሊናገረው የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ያልተጀመረ ሥራ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ ከተዘጋ፣ የሚጽፍ የለምና መዝገቡ በዋዜማው ፍጻሜ ላይ ይቆማል። በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ዘንድ የተለመደው የቀጠሮ አስነሺ `cron` ደግሞ ሰዓቱ ያለፈበትን ሥራ መብራት ሲመጣ መልሶ አያስነሣውም፤ የሚቀጥለውን ሌሊት ይጠብቃል እንጂ። መብራቱ የጠፋው ሥራው ከተጀመረ በኋላ እንደ ሆነ ግን የመነሻው መስመር ይገኛል፤ የፍጻሜው መስመር አይገኝም። ጸሐፊው እነዚህን ሁለቱን በዚህ ይለያቸዋል። ያልተጀመረውን በጊዜ ለማወቅ ግን ከዚያ ኮምፒዩተር ውጭ የሆነ ጠባቂ ያስፈልጋል። በሌላ ስፍራ ያለ ኮምፒዩተር እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ድረስ «ፍጻሜ» የሚለውን ቃል ይጠብቃል፤ ቃሉ ካልመጣለት ለጸሐፊው አጭር የስልክ መልእክት ይልካል። ይህ ባይኖር እንኳ፣ በየማለዳው ዘገባው መምጣቱን በደብተር የሚያስፈርም ሰው ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ነጋዴው እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ከባለሙያው እጅ ከመረከቡ በፊት ሊፈትነው ይገባል። ባለሙያው አንድ ሌሊት የዓምዱን ስም ሆን ብሎ ይለውጥ፤ በሁለተኛው ሌሊት የመጋዘኑን ፋይል ያስቀር፤ በሦስተኛው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ይሂድ። በየጧቱም መዝገቡን የሚያነበው ምንም ያልተነገረው የመጋዘን ጸሐፊ ይሁን። ጸሐፊው ዘገባው ስለ ምን እንዳልደረሰና ማንን መጥራት እንዳለበት ማንንም ሳይጠይቅ በሦስቱም ጧት ከተናገረ፣ መዝገቡ በሚገባ ተጽፏል። በአንዱ ጧት እንኳ ቢቸገር፣ የቀረው የመጨረሻ ክፍያ ያ መስመር እስኪታረም ድረስ ይቆይ።