«ለማንኛውም ይቅርታ»

ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት የምትሸጥ አንዲት ጓደኛዬ ሁለት ደብዳቤ ልካልኝ «እስቲ እይልኝ» አለች፤ አንዱ በአማርኛ ነው፣ ሌላው በእንግሊዝኛ። ለእንቁጣጣሽ ብላ የተቀበለችው ትእዛዝ 23 ቀሚስ ሲሆን፣ ጥልፋቸው ያለቀው 14ቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ዘጠኙ በተባለው ቀን፣ ማለትም ነሐሴ 30፣ አይደርሱም። ከዘጠኙ ስድስቱ አዲስ አበባ ውስጥ የሚደርሱ ናቸው፤ ሦስቱ ወደ አሜሪካ ይላካሉ።

የአማርኛው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ውድ ደንበኞቻችን፣ ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት በትእዛዝዎ ላይ መጠነኛ መዘግየት የተፈጠረ መሆኑን እየገለጽን፣ ለማንኛውም ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ያሳቀኝ «ለማንኛውም» ነው። እንግሊዝኛው «ፎር ኤኒ ኢንኮንቪኒየንስ» ስለሚል እሷም «ኤኒ» የሚለውን ቃል በቃል አምጥታዋለች። አማርኛ አንባቢ ግን «ለማንኛውም» የሚለውን ሲያይ የሚሰማው ሌላ ነው፤ «ለማንኛውም ይቅርታ» ማለት «የሆነው ሆኖ፣ እንዲያው ይቅርታ ብያለሁ» ዓይነት ነው። ደንበኛዋን ልትለማመጥ ተነስታ ጀርባዋን የሰጠች መሰለች። «ስለ ትዕግስትዎ እናመሰግናለን»ም ከዚያው የመጣ ነው። እንግሊዝኛው ሰው ገና ሳይታገስ ቀድሞ ያመሰግነዋል፤ በእነሱ ዘንድ የተለመደ ጨዋነት ነው። በእኛ ዘንድ ያልተሰጠ ነገር አይመሰገንበትም። ቀሚሷን ያጣች ሴት «ማን ታገሠሽና!» ብትል አልፈርድባትም። «ጥቂት እንዲታገሡን እንጠይቃለን» ቢባል ግን ልመና ስለሚሆን ጆሮን አይቆረቁርም።

«ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት» የሚለውን ደግሞ መብራት ሲጠፋ፣ ውሃ ሲቋረጥ፣ ስብሰባ ሲተላለፍ ስንሰማው ኖረናል። ከመደጋገሙ ብዛት ሰው ሲያነበው «አልነግርህም» የሚል ነው የሚመስለው። ስለዚህ በእውነት የሆነው ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ባይገርምህ ከአቅሜ በላይ ትእዛዝ ተቀብዬ ነው» አለች። አስባው ባይሆንም ሐረጉ እውነቱን ተናግሮ ኖሯል! እኔም ይህንኑ ሳታሽሞነሙን እንድትጽፈው መከርኳት። «መዘግየት የተፈጠረ መሆኑን» የሚለው አነጋገር መዘግየቱን ከሰማይ የወረደ ያስመስለዋል፤ አድራጊ የለውም። «ዘግይተናል» ሲባል ግን ያዘገየው ይታወቃል። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ አስቀድሞ አጥፊው ማን እንደሆነ መናገር አለበት።

ከቃላቱ ይልቅ የባሰው ግን ከደብዳቤው የጎደለው ነገር ነበር። ቀሚሱ መቼ እንደሚመጣ አይናገርም። መጠበቅ የማይፈልግ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችልም አይናገርም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ መክሸፉ የሚታወቀው በሚመጣው መልስ ነው፤ የመጀመሪያው መልስ «እሺ፣ መቼ ነው የሚደርሰው?» ከሆነ ደብዳቤው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ዘጠኝ ሰው «መቼ ነው?» ብሎ ሲጽፍ ደግሞ ባለሱቋ መልስ ስትሰጥ ትውልና ጥልፉን የሚከታተል ይጠፋል።

ቀን መቁረጡ ለእሷ ከባዱ ነገር ነበር። ሰኞ ጠዋት ጠላፊዎቹ ዘንድ ደውላ ስድስቱ እስከ ጳጉሜን 3 እንደሚያልቁ አረጋገጠች። እኔም አንድ ቀን እንድትጨምርበት ነገርኳት፤ ሁለተኛ ጊዜ የታጠፈ ቀጠሮ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስቆጣል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ላሉት የተላከው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልን። ነሐሴ 12 ያዘዙት ቀሚስ በገባነው ቃል መሠረት ነሐሴ 30 አይደርስም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ለበዓሉ ከምንችለው በላይ ትእዛዝ ስለተቀበልን ጥልፉ አላለቀም። ይቅርታ እንጠይቅዎታለን። ቀሚሱን ማክሰኞ ጳጉሜን 4 ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ቤትዎ እናመጣለን፤ የማድረሻ አናስከፍልም። መጠበቅ ካልፈለጉ እስከ ሐሙስ ነሐሴ 29 ይንገሩን፤ የከፈሉትን በሙሉ በዚያው ቀን በቴሌብር እንመልሳለን።»

«ውድ ደንበኞቻችን» ቀርቶ በአንቱታ ለአንድ ሰው እንደሚጻፍ ሆኖ ተጻፈ። የመጀመሪያው ረቂቅ በ«ደንበኞቻችን» ጀምሮ በ«ትእዛዝዎ» ነበር የቀጠለው፤ ብዙ ሰው ጠርቶ አንዱን ማናገር ነው። እንግሊዝኛ በአንድ «ዩ» ሁሉንም ስለሚገላገል ከእሱ የሚተረጉም ሰው ይህን ሳያስተውል ያልፋል። ለአንድ ሰው በስልኩ ሲላክ «እርስዎ»፣ በቴሌግራም ቻናል ለሁሉም ሲለጠፍ «እናንተ» ይሁን። «እህቴ»፣ «የኔ ቆንጆ» የሚለው የገበያ ቋንቋ ሲሸጡ ያምራል፤ ሲያጠፉ ግን አንቱታው ይሻላል።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው እንሂድ። «እንግሊዝኛው ለማን ነው?» ብዬ ነበር የጠየቅኳት። ከሦስቱ የአሜሪካ ደንበኞች ሁለቱ እዚያው ያደጉ ልጆች ናቸው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ ፊደል ግን አያነቡም። ስለዚህ እንግሊዝኛው የአማርኛው ጌጥ ሳይሆን ራሱን የቻለ ደብዳቤ ነው፤ ብቻውን ሲነበብ ምንም ሊጎድለው አይገባም። ሰዉ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አማርኛውን ዘርዝሮ ጽፎ እንግሊዝኛውን በሁለት መስመር ይጨርሰዋል፣ ወይም የተገላቢጦሹን ያደርጋል። ሁለቱንም የሚያነብ ሰው ልዩነቱን ሲያይ «ለእኛ ያልተነገረ ነገር አለ» ይላል።

ቀንና ሰዓት ላይ ደግሞ ትርጉም ብቻ አይበቃም፤ ስሌት ያስፈልጋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የእነሱ ጠዋት 9 ሰዓት ነው፤ የእኛ ቀን 11 ሰዓት የእነሱ ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ረቂቅ «3»ን እንዳለ ወስዶት ነበር። እንግሊዝኛውን ያነበበ ሰው ከሰዓት በኋላ እቤት ሲጠብቅ፣ ሞተረኛው ጠዋት መጥቶ በር ዘግቶበት ይመለስ ነበር። ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ። በቁጥር 9/5 ተብሎ ቢጻፍ አሜሪካ ያለችው ሴፕቴምበር 5 ብላ ታነበዋለች፤ አውሮፓ ያለችው ደግሞ ሜይ 9 ትለዋለች። የሳምንቱን ስም መጨመርም ይጠቅማል፤ ሁለቱ የቀን መቁጠሪያዎች በምንም ባይስማሙ በማክሰኞ ይስማማሉ።

የስም ነገርም አለ። ሱቁ የሚጠቀምበት የኢሜይል ፕሮግራም «ዲር ሚስ» ብሎ ከጎኑ ሁለተኛውን ስም ራሱ ይሞላል። በእኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ልጅቷን ትቶ አባቷን በወይዘሪት ይጠራል። አሜሪካ ያደገችው ለምዳው ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ላለችው እናቷ ግን ይህ ይቅርታ አይመስላትም። በመጀመሪያው ስም እንዲጠራ አስተካከልነው።

ለሦስቱ የአሜሪካ ደንበኞች ያለው ዜና ከአዲስ አበባው የከፋ ነበር፤ ቀሚሱ ረቡዕ ጳጉሜን 5 ቢላክ እንኳ ለእንቁጣጣሽ አይደርስም። ጓደኛዬ «ሊዘገይ ይችላል» ብላ ማለስለስ ፈልጋ ነበር። የበዓል ልብስ የሚጠብቅ ሰው ግን ማወቅ የሚፈልገው ለበዓሉ መድረስ አለመድረሱን ነው፤ አይደርስም ከተባለ ሌላ ቀሚስ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «ለእንቁጣጣሽ አይደርስም» ሆነ። ቀጥሎ ምርጫው መጣ፤ በመስከረም 10 አካባቢ ደርሶ ለመስቀል ይለበሳል፣ ካልሆነም ገንዘቡ በሙሉ ይመለሳል።

ይህ ምርጫ በአንዳንድ አገር የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ በኢንተርኔት ለሚሸጥ ሰው፣ የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የርቀት ሽያጭን የሚመለከት ደንብ አለው። ሻጩ ዕቃውን በተናገረው ጊዜ፣ ምንም ካልተናገረም በ30 ቀን ውስጥ፣ መላክ አለበት። ካልቻለ ለገዢው አስታውቆ፣ ገዢው ትእዛዙን ሰርዞ ገንዘቡን በሙሉ መውሰድ እንደሚችል መንገር ይኖርበታል። ደንቡ ስለ ዝምታም ይናገራል፦ አዲሱ ቀን ቁርጥ ያለና ከ30 ቀን ያልበለጠ ከሆነ፣ መልስ ያልሰጠ ገዢ ለመጠበቅ እንደተስማማ ይቆጠራል። መዘግየቱ ከዚያ የሚረዝም ወይም ቀኑ የማይታወቅ ከሆነ ግን ዝምታ ስምምነት አይሆንም፤ ገንዘቡ ይመለሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዳላስ ቁጭ ብሎ ለወገኑ የሚሸጥ ሐበሻ «መጠነኛ መዘግየት» ብቻ ብሎ ሲጽፍ ከዚህ ደንብ ጋር እየተጋጨ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ማድረሻው 30 ቀን ነው።

ከአዲስ አበባዎቹ ስድስት ትእዛዞች አንዷ ልዩ ነበረች፤ የከፈለችው ልጅ ሜሪላንድ ናት፣ ቀሚሱ ለእናቷ ነው። ማን ይጻፍለት? ገንዘቡ ይመለስ አይመለስ የምትወስነው የከፈለችው ናት፤ ማክሰኞ በር ከፍታ የምትቀበለው እናትየዋ ናት። ለልጅቱ እንግሊዝኛው ሙሉውን ተላከላት። ለእናትየዋ ሊላክ የተዘጋጀው ተያዘ፤ ለካ ስጦታው ድንገተኛ እንዲሆን ታስቦ ኖሯል። መጀመሪያ ልጅቱን ባንጠይቅ ኖሮ ይቅርታችን ስጦታውን ያበላሸው ነበር።

ቴሌግራም የማይጠቀሙ ሁለት ደንበኞችም ስለነበሩ አጭር የጽሑፍ መልእክት አስፈለገ። እዚህ ላይ ባለሱቆች የማያውቁት ወጪ አለ። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ቦታ ይይዛል፤ አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባችበት ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። አማርኛና እንግሊዝኛን አንድ ላይ የላከ ሰው እንግሊዝኛውንም በዚያው ጠባብ ልክ ያስቆጥራል፤ በአንድ መልእክት የሚያልቀው ሦስትና አራት ሆኖ ይከፈልበታል። ስለዚህ ለየብቻ ይላክ። የአማርኛው እንዲህ ሆነ፦ «ቀሚስዎ ዘግይቷል፣ ይቅርታ። ማክሰኞ ጳጉሜን 4 ይደርሳል። ዝርዝሩን ደውለን እንነግርዎታለን።» ክፍት ቦታውም ተቆጥሮ ከ70 አያልፍም።

ከዘጠኙ ሁለቱ «ገንዘባችን ይመለስ» አሉ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተመለሰላቸው። «መቼ ነው?» ብሎ የጻፈ አልነበረም።