የማዕበሉ ታሪክ በማርቆስና በማቴዎስ

ኢየሱስ ማዕበሉን ጸጥ ያሰኘበት ታሪክ በማርቆስ 4፥35–41 እና በማቴዎስ 8፥18–27 ይገኛል። የትርጓሜ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ በቅድሚያ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

የምንጭ ጥናት ማን ከማን እንደ ወሰደ ይጠይቃል፤ አብዛኞቹ ምሁራን ማቴዎስ ማርቆስን ተጠቅሟል ይላሉ። የቅርጽ ጥናት ታሪኩ በቃል ሲተላለፍ የነበረውን መልክ ይፈልጋል። አደጋ፣ ትእዛዝ፣ ጸጥታ፣ መደነቅ፤ የተአምር ትረካ የተለመደ አካሄድ ነው።

ብዙ የሚገኘው ግን ከሦስተኛው፣ የወንጌላዊውን የአርትዖት ሥራ ከሚመረምረው ጥናት ነው። ጀርመናዊው ጉንተር ቦርንካም በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ማቴዎስ እንሻገር ከሚለው ትእዛዝ በኋላ ኢየሱስን ስለ መከተል የሚናገር ክፍል ያስገባል፤ ደቀ መዛሙርቱም ተከትለውት ጀልባው ላይ ይወጣሉ። በማርቆስ መምህሩን አትጨነቅልንም ብለው ይወቅሱታል፤ በማቴዎስ ጌታ ብለው እንዲያድናቸው ይለምኑታል። በማርቆስ ተግሣጹ የሚመጣው ባሕሩ ከረጋ በኋላ ሲሆን፣ በማቴዎስ ማዕበሉ ገና ሳይቆም ነው። ቦርንካም ከዚህ ተነሥቶ ጀልባዋን የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ አድርጎ አነበባት።

ተማሪዎች የሚሳሳቱት እያንዳንዱን ልዩነት ነገረ መለኮት ሲያደርጉት ነው። ማቴዎስ ትራሱንና ሌሎቹን ጀልባዎች መተዉ የማሳጠር ልማዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የእምነት ማነስ ተግሣጽ ግን ጴጥሮስ በውኃ ላይ ሲሄድ (14፥31) እንደገና ስለሚመጣ፣ ሆን ተብሎ የገባ ይመስላል። ይህ ሁሉ የቆመው በማርቆስ ቀዳሚነት ላይ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ የማቴዎስ ጭማሪ የተባለው ማርቆስ የቀነሰው ይሆናል።