ጳጉሜን የማያውቀው ዳታቤዝ

ግማሽ ሚሊዮን የደንበኞች ረድፎች የያዘ የሲኤስቪ ፋይል `COPY` በሚለው ትእዛዝ ወደ ፖስትግሬስ እየገባ ነው እንበል። መጨረሻው አካባቢ «2016-13-05» የሚል የልደት ቀን ይመጣል። ጳጉሜን 5 መሆኑ ነው፤ ዳታቤዙ ግን 13ኛ ወር አያውቅምና ሥራውን በሙሉ ይሰርዘዋል።

ባለሙያዎች ስለዚህ ፋይሉን በቀጥታ ወደ ዋናው ሠንጠረዥ አያስገቡም። መጀመሪያ ሁሉም ዓምዶቹ ተራ ጽሑፍ በሆኑ መሸጋገሪያ ሠንጠረዥ ያሳርፉትና ረድፍ በረድፍ ይፈትሹታል። ያለፈው ወደ ዋናው ይገባል፤ የወደቀው ከረድፍ ቁጥሩ፣ ከዓምዱ ስምና ከምክንያቱ ጋር በስህተት ሠንጠረዥ ይመዘገባል። ላኪው የሚያርመው እነዚያን ብቻ ነው።

መሐል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

ረድፎቹ ለምሳሌ በ5,000 በ5,000 ተከፍለው ይገባሉ፤ የመጨረሻው ረድፍ ቁጥርም ከእነሱው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን ይጻፋል። ሁለቱ አብረው ይጸናሉ፣ ወይም አብረው ይቀራሉ። ቁጥሩ ለብቻው ቢመዘገብ ግን ሥራው ሲቀጥል ረድፎች ሊደገሙ ወይም ሊዘለሉ ይችላሉ።

ፍተሻው የማይይዘው ስህተትም አለ። «2016-06-05» የካቲት 5 ቢሆንም ዳታቤዙ በፈረንጆቹ ጁን 5 ብሎ ያለቅሬታ ይቀበለዋል። ስለዚህ ፋይሉ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ ከመጫኑ በፊት ላኪውን መጠየቅ ግድ ነው።