የስልክዎ ኔትወርክ ስንት ነው?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ርቆ የሚኖር የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ለመደወል ጉብታ መውጣት ያውቅበታል። ጉብታው ምን ያህል እንደጠቀመው ግን በስልኩ አናት ላይ ያሉት መስመሮች በትክክል አይነግሩትም። አንዱ ስልክ ሦስት መስመር የሚያሳይበት ቦታ ሌላው ሁለት ያሳያል፤ አምራቾቹ በአንድ መስፈሪያ አይሰፍሩምና። ቁጥሩ ይሻላል። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ About phone፣ ከዚያ SIM status ሲከፍቱ እንደ -97 dBm ያለ ጽሑፍ ያገኛሉ።

ይህ ዲቢኤም የሚባለው መለኪያ ስልኩ ጋ የደረሰውን ኃይል ከአንድ ሚሊዋት ጋር ያነጻጽራል። ዜሮ ማለት ልክ አንድ ሚሊዋት ነው። ስልክ ጋ የሚደርሰው ከዚያ እጅግ ስለሚያንስ ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠንም ኔትወርኩ ይጠነክራል። በየ10 ቁጥሩ ኃይሉ በ10 እጥፍ፣ በየ3ቱ ደግሞ በእጥፍ ገደማ ይለወጣል። -90 የአንድ ሚሊዋት አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ ስልኩ በዚህችው ያወራል።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የቆርቆሮ ቤት እናስብ። ቤት ውስጥ 4ጂው -116 ያሳያል፤ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ ጥሪውም ይቆራረጣል። ደጅ ሲወጡ -106 ይሆናል፤ ቆርቆሮው ብቻውን አሥር እጥፍ በልቶ ነበር ማለት ነው። ጉብታው ላይ -94 ይደርሳል። ከቤት እስከ ጉብታ ያለው ልዩነት 22 ነው፤ በኃይል ሲሰላ ከ150 እጥፍ ይበልጣል።

በ4ጂ ከ-90 የተሻለ ጥሩ ነው፤ እስከ -105 ድረስ ያሠራል፤ ከ-110 በታች ደካማ ነው፤ -120 አካባቢ ይጠፋል። ይህ ግን ለ2ጂ አይሠራም። 4ጂ የሚለካው ከሰፊው ሞገድ አንዷን ቀጭን ሰበዝ ነው፤ 2ጂ ግን የመስመሩን ሙሉ ኃይል ይቆጥራል። ስለዚህ -100 በ4ጂ ደህና ሲሆን በ2ጂ ወደ ማለቂያው የተጠጋ ነው፤ እዚያ ጥሩ የሚባለው ከ-85 የተሻለው ነው።

ቁጥሩ -80 ሆኖ ኢንተርኔቱ ከተንቀራፈፈ ጉብታ መውጣት ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው በአንድ ታወር ላይ ተጨናንቋል ወይም ሌላ ሞገድ እየረበሸ ነው፤ ዲቢኤም ይህን አያሳይም። በደካማ ቦታ ደግሞ ስልኩ ታወሩ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ስለሚልክ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በሶላር ቻርጅ ለሚያደርግ ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ የሚፈልገው ጥሪ ብቻ ከሆነና የ2ጂው ቁጥር ደህና ከሆነ ስልኩን 2ጂ ላይ ቢያደርገው ይሻለዋል።

ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውለው ሲያመለክቱም «ኔትወርክ የለም» ብለው አይተዉት፤ ቁጥሩን፣ 2ጂ ወይም 4ጂ መሆኑን፣ ቀበሌውንና ሰዓቱን አብረው ይንገሯቸው።