ጋዋን በጉርድ ፎቶ ላይ

ጋዋን ለብሰው ያልተነሱ ሰዎች በጉርድ ፎቷቸው ላይ ጋዋንና ቆብ እንዲደረግላቸው ፎቶ ቤት ይመጣሉ። ሥራው በፎቶሾፕ ነው የሚሠራው። ልብሱን ቆርጦ ማውጣት ብዙ አያስቸግርም፤ ነገሩ የሚበላሸው አንገትና ትከሻ ላይ ነው።

ደንበኛው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ይሁን። ብርሃኑ ከፎቶው ግራ በኩል መጥቷል፤ አንዱ ትከሻው ትንሽ ዝቅ ብሏል። መጀመሪያ የጋዋኑም ብርሃን ከግራ መሆኑን ይዩ። ካልሆነ Flip Horizontal ይገለብጠዋል፤ ጽሑፍ ካለበት ግን ፊደሉም አብሮ ስለሚገለበጥ ሌላ ጋዋን ይፈልጉ። መጠኑን በትከሻ ይለኩ። ጋዋን በልብስ ላይ የሚደረብ ስለሆነ ከሸሚዙ ጠርዝ በጥቂቱ ሰፋ ይበል።

የሸሚዙን ኮሌታና ከረባቱን አይንኩ። የጋዋኑን አንገት ከቆዳ ጋር ከማጋጠም ከኮሌታ ጋር ማጋጠም ይቀላል፣ እውነትም ይመስላል። የጋዋኑ የኋላ ጠርዝ ከአንገት ጀርባ መዋል ስላለበት ሰውየውን ከዳራው ቆርጠው በራሱ ሌየር ያድርጉና ልብሱን በሁለት ሌየር ይክፈሉት፦ የኋላው ከሰውየው በታች፣ የፊቱ ከላይ። ትርፉን በማስክ ይሸፍኑ እንጂ አያጥፉ፤ ነገ ማስተካከል ሊኖር ይችላል።

ዝቅ ያለውን ትከሻ ለማግኘት ብዙዎች ጋዋኑን በሙሉ ያዘነብሉታል። ያኔ እጥፋቶቹም አብረው ያጋድላሉ፤ የተንጠለጠለ ጨርቅ ግን ሰውየው ቢያጋድልም ወደ መሬት ነው የሚወርደው። ስለዚህ በ Warp የትከሻውን መስመር ብቻ ዝቅ ያድርጉና ከደረት በታች ያሉት እጥፋቶች ቀጥ ብለው ይውረዱ።

ጥላው አዲስ ሌየር ላይ፣ በ Multiply፣ በለስላሳ ብሩሽ ይቀባል። ጋዋኑ ሸሚዙን በሚነካበት ቦታ ጠባብና ጠቆር ያለ፣ ራቅ ሲል የሚሳሳ ይሁን። የአገጩም ጥላ አንገት ላይ ተቆርጦ አይቅር፤ ኮሌታውንና ጋዋኑን እስከሚደርስበት ይከተል። ከብርሃኑ በተቃራኒ ያለው ትከሻ በአጠቃላይ ይጨልማል። ቀለሙ ድፍን ጥቁር ከሆነ ግን ጥላው ጥላሸት ይመስላል፤ ከፎቶው ውስጥ የተወሰደ ጥቁር ቡኒ ይሻላል።

የቆየ ፎቶ ሲሆን ሌላ ችግር አለ፤ ጥቁሩ ደብዝዞ ግራጫ ሆኗል። ድፍን ጥቁር ጋዋን እዚያ ላይ እንደ ቀዳዳ ይታያል። በ Levels ታችኛውን የ Output ቁጥር ከፍ እያደረጉ ከፀጉሩ ጥቁረት ጋር ያስተያዩት።

ቆቡ ግንባሩን በከፊል ሸፍኖ፣ ከቅንድብ በላይ ክፍተት ትቶ ይቀመጥ። ካሜራው በዓይን ትክክል ከነበረ የቆቡ ጣሪያ ሰፊ ሆኖ አይታይም፣ ጠርዙ ነው የሚታየው። ከላይ የተነሳ ቆብ እዚህ ላይ ቢደረግ ወዲያው ያስታውቃል። ከሥሩ ግንባሩ ላይ ስስ ጥላ ያኑሩ፤ በጎን በኩል ጥቂት ፀጉር በማስኩ ይመልሱ፣ አለዚያ ቆቡ ጭንቅላቱ ላይ ሳይሆን ፎቶው ላይ ተለጥፎ ይቀራል።