ደመወዙ ደርሶ ደረጃው ሲያንስ

ቀጣሪው የጠየቃችሁትን ደመወዝ እሺ ብሎ የሥራ መደቡን ግን ከልምዳችሁ ዝቅ ሲያደርገው፣ ብዙ ሰው «ዋናው ብሩ ነው» ብሎ ይፈርማል። እኔ ግን ሳይፈረም በደረጃው ላይ መደራደር ይገባል ባይ ነኝ፤ ደረጃውም ቆይቶ የሚከፈል ብር ነውና። የደመወዝ ስኬል ባለው መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ደረጃ መነሻና ጣሪያ አለው። እንበልና ሰባት ዓመት የሠራች ሲኒየር አካውንታንት «አካውንታንት፣ ደረጃ 8» ተብላ 42,000 ብር ቀረበላት። የደረጃ 8 መነሻ 30,000፣ ጣሪያው 43,000 ከሆነ፣ ገና ስትገባ የቀራት 1,000 ብር ብቻ ነው። ደረጃ 9 ከ38,000 እስከ 56,000 ቢሆን ግን ያው 42,000 እዚያም ውስጥ ይገባል። ቀጣሪው ዛሬ አንድ ብር ሳይጨምር፣ እሷ ለዓመታት የምታድግበት ቦታ ታገኛለች።

ሌላው ጉዳት ስትለቁ ይታያል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሚሰጣችሁ የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ይገልጻል። ቀጣዩ ቀጣሪ «በሲኒየርነት ሦስት ዓመት» ብሎ ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ በተራ አካውንታንትነት ያሳለፋችሁትን ጊዜ ላይቆጥርላችሁ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፦ «ደመወዙ በየትኛው ደረጃ፣ በስንተኛው እርከን ላይ ነው? ጣሪያውስ ስንት ነው?» ቀጥሎ የደረጃ 9ን የሥራ ዝርዝር አስልካችሁ፣ በየነጥቡ የሠራችሁትን አስቀምጡ፤ ወርኃዊ ሒሳብ መዝጋት፣ ከውጭ ኦዲተር ጋር መሥራት፣ የበታች ሠራተኞችን ሥራ መፈተሽ። የሰው ኃይል ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ የመቀየር ሥልጣን የለውም፤ እሱን ከመጫን ይልቅ ጽሑፉን ለፋይናንስ ኃላፊው እንዲያደርስ መጠየቅ ይሻላል። ሥራውን የሚያውቀው ኃላፊው ነው።

«እንዲህ ብል ዕድሉ ያመልጠኛል» የሚል ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ሌላ አማራጭ የሌለው ሰው በብርቱ ሊገፋ አይችልም። ቢሆንም ጥያቄው በጀት የማይነካ ስለሆነ ደመወዝ ጨምሩ ከማለት የቀለለ ነው። «ከሙከራ ጊዜ በኋላ እናስተካክላለን» ካሉ ደግሞ የሙከራ ጊዜ በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥምና፣ ቀኑና የሚገመገመው ሥራ በቅጥር ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ተስፋ ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል።

«ድርጅታችን ትልቅ ነው፣ የእናንተ ሲኒየር እዚህ ጁኒየር ነው» የሚለው መልስ አንዳንዴ እውነት ነው። የሦስት ሰው ቢሮ ሒሳብ የያዘና የብዙ ቅርንጫፎችን ሒሳብ ያጠቃለለ እኩል አይደሉም፤ ሙያ የቀየረ ሰውም ዝቅ ብሎ ቢጀምር ተገቢ ነው። መለያው የሥራ ዝርዝሩ ነው። የደረጃ 9ን ሥራ እያሠሩ ደረጃ 8 ብለው የሚጠሩ ከሆነ ልዩነቱ የድርጅቱ ስፋት አይደለም። «ሲኒየር» የሚለውን ስም ብቻ ጨምረው ደረጃውን 8 ላይ ከተዉትም ጣሪያው ያው 43,000 ነው፤ ከመፈረማችሁ በፊት በደብዳቤው ላይ የደረጃውን ቁጥር አንብቡ።